የይቅርታ ደብዳቤ ከእምድብር

በጉራጌ ከዓመቱ ደመወዝ ሁሉ የነሐሴውን የሚያህል የለም። የመስከረሙ የሚገባው ወሩ ሲያልቅ ነው፤ መስቀል ደግሞ መስከረም 17 ይውላል። ስለዚህ ለሠንጋው የሚዋጣው፣ የቅቤው፣ የልጆች ልብስና የትምህርት ቤት ምዝገባው ሁሉ ከነሐሴው ይወጣል። ደመወዝ የማይከፈልባት ጳጉሜንም በእሱው ላይ ናት።

እምድብር ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ይህንኑ ደመወዝ አዘገየና ለሠራተኞቹ ኢሜይል ጻፈ። እዚያ የሚሠራ ወዳጄ አሳየኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ አጻጻፉን ግን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

ርዕሱ ላይ «ይቅርታ» የሚል የለም። «የነሐሴ ደመወዝ ጳጉሜን 4 ይገባል» ነው የሚለው። ደመወዝ የቀረበት ሰው መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው መቼ እንደሚገባለት ስለሆነ፣ ኢሜይሉን ሳይከፍት መልሱን አገኘ። ሲከፍተው ደግሞ «ደመወዛችሁን ነሐሴ 28 መክፈል ነበረብን፤ አልከፈልንም። ጥፋቱ የእኛ ነው» ይላል። የለመድነው «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ለተፈጠረው መጉላላት» የሚለውን ነው፤ በእሱ ውስጥ ያጠፋ ሰው አይገኝም፤ መጉላላቱ ራሱን የፈጠረ ይመስላል።

ምክንያቱን የሚያስረዳው አንቀጽ አጭር ነው፤ ከሁሉ የወደድኩት ግን እሱን ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ሂሳብ ገንዘብ የሚወጣው በሁለት ፈራሚዎች ነው። አንደኛው ሐምሌ ላይ ሥራ ለቀቁ። ባንኩ አዲስ ፈራሚ የሚቀበለው የቦርድ ቃለ ጉባኤና የፊርማ ናሙና ሲቀርብለት ነው፤ ያንን ያስታወሰ አልነበረም። ፔሮሉ በጊዜው ተሠራ፣ ማዘዣው ነሐሴ 26 ባንክ ገባ፣ በፊርማው ምክንያት ተመለሰ። እዚህ ላይ «በባንክ በኩል ባጋጠመ ችግር» ብሎ ማለፍ እንዴት ቀላል ነበር! ማዘዣውን የመለሰው ባንኩ ነዋ። ጸሐፊው ግን ባንኩ ሥራውን እንደሠራ ገልጾ፣ የሐምሌውን ዝምታ በራሳቸው ላይ ጻፈው።

ጉዳቱን ሲያነሳም «ችግራችሁ ይገባናል» አላለም። ዕቁብ ያልጣሉ እንዳሉ፣ የመስቀል መዋጮ ቀን ያለፈባቸው እንዳሉ ጠቅሶ ወደ አንድ ረቂቅ ነገር ይሄዳል፦ የብድርና ቁጠባ ማኅበሩ ተቀናሽ። ተቀናሹን ከፔሮሉ ላይ ቆርጦ የሚያስተላልፈው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ደመወዙ ሲዘገይ ግን በማኅበሩ መዝገብ ላይ ዘግይቶ የሚታየው ሠራተኛው ነው። ስለዚህ መዘግየቱ የአሠሪው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ለማኅበሩ መጻፉን፣ ቅጣት ካለም መሥሪያ ቤቱ እንደሚከፍል አስታወቀ። ዕቁብ የተቀጣም ለሒሳብ ክፍል ይንገር ይላል። ዕቁብ ደረሰኝ እንደማይሰጥ የሚያውቅ ሰው ስለጻፈው ማስረጃ አልጠየቀም።

የእርምት እርምጃዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው። አንዱ ፈራሚ ቢለቅ ወይም ቢታመም የሚተካ ሦስተኛ ፈራሚ ባንክ ተመዝግቧል። ከእንግዲህ የፔሮል ማዘዣ ወሩ በገባ በ20 ባንክ ይደርሳል፤ ቢመለስ እንኳ ለማስተካከል ሳምንት ይተርፋል። ሦስተኛው ነው ልዩ የሆነብኝ፦ እስከ 25 ባንኩ ማዘዣውን ካልተቀበለ ሠራተኛው በዚያው ቀን ይነገረዋል። «ዳግም አይፈጠርም» የሚል ቃል የለም፤ ማንም ሊሰጠው የማይችለው ቃል ነው። የባሰው በደል ግን ከነሐሴ 26 እስከ 28 ሒሳብ ክፍሉ እያወቀ ሠራተኛው ሳያውቅ መቆየቱ ነበር። ለዋስ፣ ለአከራይ፣ ለዕቁብ ሰብሳቢ አስቀድሞ መንገርና ቀኑ ካለፈ በኋላ መለመን አንድ አይደሉም።

እንከን የለውም አልልም። መጨረሻው አካባቢ ስለ መብራትና ኔትዎርክ መቆራረጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጓል። እውነት ነው፣ ይቆራረጣል፤ የተመለሰው ማዘዣ ግን ከመብራት ጋር ምንም አያገናኘውም። እኔ ብሆን እሰርዘው ነበር። በአንጻሩ «ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን» የሚለው መቅረቱ ደስ አሰኝቶኛል፤ ሠራተኛው ታገሥ ተብሎ አልተጠየቀም፣ ምርጫም አልነበረውም። ደመወዝን በቀኑ መክፈል አሠሪው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የተጣለበት ግዴታ እንጂ ውለታ አይደለም።

ጥበቃዎቹና የጽዳት ሠራተኞቹ ኢሜይል ስለሌላቸው ያው ጽሑፍ ሳያጥር ታትሞ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ጳጉሜን 4 ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሁለተኛ መልእክት ወጣ፦ ገንዘቡ ገብቷል፤ የሂሳብ ቁጥራቸው በስህተት የተጻፈ ሁለት ሠራተኞች በስልክ ተነግሯቸዋል፤ የእነሱ ነገ ጠዋት ይገባል።