የቫይቫክስ ቀለም ለምን ወደ ላይ ወጣ?

ክረምቱ ወጥቶ በየረባዳው የቀረው ውሃ ሲተኛ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ እንደ ሁምቦና አባላ አባያ ባሉ የወላይታ ቆላማ አካባቢዎች ወባ ይበረታል። የእኔ ሥራ ከየጤና ኬላውና ከየጤና ጣቢያው በየሳምንቱ የሚመጣውን የሕሙማን ቁጥር አጠናቅሮ በግራፍ ማሳየት ነው። ለረጅም ጊዜ የምመርጠው ድርብርቡን ግራፍ ነበር፤ DHIS2 ላይ `Stacked area` የሚለውን። ከታች ፋልሲፓረም በቀይ፣ እሱ ላይ ተደርቦ ቫይቫክስ በሰማያዊ። አናቱ የሁለቱን ድምር ያሳያል።

አንድ ጥቅምት ላይ ይህን ግራፍ በአንድ ወረዳ ስብሰባ ላይ አቀረብኩ። ሁለቱም ቀለሞች ወደ ላይ ይወጣሉ። ሁለቱም የወባ ዓይነቶች እየጨመሩ ነው ብለን ተስማማን፤ የመድኃኒት ጥያቄውም በዚያው ልክ ሊጻፍ ነበር። ስብሰባው ሲበተን የመድኃኒት ቤቷ ኃላፊ ቢን ካርዶቿን ይዛ መጣች። «ወንድሜ፣ ክሎሮኪን እኮ ካለፈው ወር ያነሰ ነው የወጣው። ያለቀብኝ ኮአርተም ነው» አለችኝ። ክሎሮኪን ለቫይቫክስ፣ ኮአርተም ለፋልሲፓረም የሚሰጥ ነው። ከመደርደሪያው የወጣው መድኃኒትና እኔ የሣልኩት ግራፍ አልተገናኙም።

ቢሮ ተመልሼ ቁጥሮቹን ለየብቻ አየኋቸው። ለማሳያ ያህል አቅልዬ ላስቀምጣቸው። ፋልሲፓረም በስድስት ሳምንት ውስጥ 60፣ 75፣ 95፣ 120፣ 150፣ 180 ሆኗል እንበል። ቫይቫክስ ደግሞ 40፣ 40፣ 38፣ 36፣ 33፣ 30። ቫይቫክስ በሩብ ቀንሷል። በድርብርቡ ግራፍ ላይ ግን የሰማያዊው የላይኛው ጠርዝ የሚከተለው ድምሩን ነው፤ ከ100 ተነሥቶ 210 ይደርሳል። የታችኛው ጠርዙም ከ60 ወደ 180 ይወጣል። ዓይን የሚከተለው ጠርዝን ስለሆነ፣ እየቀነሰ ያለው ሰማያዊ እያደገ ይመስላል። ዳሞት ተራራ ላይ የወጣ ሰው ሶዶ ከተማ መሐል ከቆመው ከፍ ብሎ ይታያል እንጂ ቁመቱ አልጨመረም። ቫይቫክስም የወጣው ፋልሲፓረም ተሸክሞት ነው።

ውፍረቱን ብቻ ልይ ቢባልም ችግሩ አይፈታም። ጠርዞቹ ሽቅብ ሲያዘነብሉ ዓይናችን ውፍረቱን ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች አይለካም፤ በሁለቱ ጠርዞች መካከል ያለውን አጭሩን ርቀት ይወስዳል። ስለዚህ ቀለሙ ዳገት በሆነበት ሁሉ ከእውነተኛው ልክ የቀጠነ ይመስላል። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ዊልያም ክሊቭላንድ ይህን ያሳየው ዊልያም ፕሌይፌር እ.ኤ.አ. በ1786 ባሳተመው አትላስ ውስጥ ባለ የእንግሊዝ የንግድ ግራፍ ነው። የገቢና የወጪ መስመሮቹ ተቀራርበው ሲወጡ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደተለዋወጠ ተመልካቹ አያይም። ልዩነቱ ተቀንሶ ለብቻው ሲሣል ግን አንድ ትልቅ ጉብታ ብቅ ይላል።

መጀመሪያ የሞከርኩት መፍትሔ ቫይቫክስን ወደ ታች ማውረድ ነበር። እውነት ነው፣ ከታች ያለው ቀለም ቀጥ ባለ መሬት ላይ ስለቆመ በትክክል ይነበባል። ግን ከታች መቀመጥ የሚችለው አንድ ብቻ ነው። የሚደረቡት ሁለት የወባ ዓይነቶች ሳይሆኑ አራት ወረዳዎች ቢሆኑ ሦስቱ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ከዚህ የባሰውን ያገኘሁት ደግሞ ሪፖርት ያልመጣበት ሳምንት ላይ ነው። የታችኛው ወረዳ ሪፖርት ሲቀርና ጉድለቱ እንደ ዜሮ ሲቆጠር፣ ከላዩ ያሉት ሁሉ አብረውት ይወርዳሉ፤ ምንም ያልቀነሰ ወረዳ የቀነሰ ይመስላል።

አሁን ሁለቱን የወባ ዓይነቶች በ`Line` ለየብቻ መስመር እሥላለሁ፤ ሁለቱም ከዜሮ ይነሣሉ። ድምሩ ካስፈለገ ሦስተኛ ቀጭን መስመር ይሆናል። ወረዳዎችን ማወዳደር ሲመጣ ግን መስመሮቹ ስለሚጠላለፉ ለእያንዳንዱ ወረዳ ትንሽ ግራፍ ሠርቼ በአንድ ገጽ እደረድራለሁ። የግራ መለኪያው ለሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ሸክሙ የበዛበት ወረዳ ወዲያው ይለያል፤ ሕሙማኑ ጥቂት የሆኑበት ወረዳ ግን ጠፍጣፋ መስመር ሆኖ ጭማሪው ይደበቃል። ስለዚህ የየወረዳውን አካሄድ ለማየት ለየራሱ መለኪያ ሰጥቼ ያንን ከላይ በጉልህ እጽፋለሁ። ድርብርቡን ሙሉ በሙሉ አልጣልኩትም። ጥያቄው «በየሳምንቱ ስንት የወባ ሕመምተኛ አስተናገድን?» ብቻ ከሆነ አናቱ ይመልሳል።

የጤና ጣቢያዎቻችን ግድግዳ እያንዳንዱን ለብቻው በመስመር መሣል እንደሚሻል ቀድሞ ያውቅ ነበር። በአገራችን የወባ ወረርሽኝ መከታተያ ግራፍ ላይ የዘንድሮው ሳምንት በመስመር ይሣላል፤ አጠገቡ ካለፉት አምስት ዓመታት የዚያው ሳምንት ቁጥሮች ሁለተኛው ከፍተኛ እንደ ወሰን መስመር ይሰመራል። የዘንድሮው መስመር ወሰኑን ካለፈ ማንም ያየዋል። ሪፖርት ያልደረሰበት ሳምንት ደግሞ መስመሩ ተቆርጦ ባዶ ይቆያል፤ እዚያ ጋ ስደርስ ለጤና ኬላው እደውላለሁ።