ደመወዝ ካፈተለከ በኋላ የሚጻፍ ማስታወሻ

በሰው ሀብት ሥራ ላይ እያለሁ ካየኋቸው የማስታወሻ ረቂቆች ብዙዎቹ «አንዳንድ ሥነ ምግባር የጎደላቸው ሠራተኞች» ብለው ይጀምራሉ። ሐረጉ የማንንም ስም አይጠራም፤ ነገር ግን ያነበበው ሁሉ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ቀና ብሎ ያያል። ደመወዝ ባፈተለከበት ሳምንት ደግሞ ሰው አስቀድሞም በጥርጣሬ ነው የሚተያየው።

አንድ ጉዳይ ላንሳ። የነበርሁበት አንድ ድርጅት ፋይናንስ ክፍል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዲያረጋግጡለት ለየክፍሉ ኃላፊዎች የኤክሴል ፋይል በኢሜይል ላከ። የወሩ ሙሉ ፔሮል በዚያው ፋይል ውስጥ በተደበቀ ገጽ ላይ ነበር። በኤክሴል ገጽ መደበቅ ገጽ መቆለፍ አይደለም፤ ከታች ካሉት የገጽ ስሞች አንዱን በቀኝ ተጭኖ Unhide የሚለውን የመረጠ ሁሉ ያየዋል። አንድ ሰው ከፈተው፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የስልክ ፎቶው በሠራተኞች የቴሌግራም ግሩፕ ይዞር ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ጥፋት አለ፤ አንዱ የላኪው፣ ሌላው ያሰራጨው። ሁለተኛውን ብቻ የሚገሥጽ ማስታወሻ ገና ሲነበብ ይወድቃል፤ ፋይሉ ከየት እንደወጣ ሠራተኛው ያውቃልና። ስለዚህ ድርጅቱ የራሱን ድርሻ አስቀድሞ መናገር አለበት። በመጨረሻ የወጣው ጽሑፍ ይህን ይመስል ነበር፦

«ጉዳዩ፦ የደመወዝ መረጃን በምስጢር ስለመያዝ

በዚህ ሳምንት የሠራተኞች የደመወዝ መረጃ ሊያዩት ለማይገባቸው ሰዎች ደርሷል። መረጃው የወጣው ድርጅቱ በላከው ፋይል በመሆኑ የመጀመሪያው ኃላፊነት የድርጅቱ ነው፤ ደመወዛችሁ የታየባችሁን ባልደረቦች ይቅርታ እንጠይቃለን። ፋይሉ ወይም ፎቶው የደረሳችሁ እንድታጠፉትና ለማንም እንዳታስተላልፉት እናሳስባለን። ከዚህ ማስታወሻ በኋላ የሌላን ሠራተኛ የደመወዝ መረጃ ማሰራጨት በውስጥ ደንባችን መሠረት ያስጠይቃል። ስለራሳችሁ ደመወዝ ጥያቄ ካላችሁ በአካል ቀርባችሁ የሰው ሀብት ክፍልን አነጋግሩ።»

የጽሑፉ ጥንካሬ ያለው «ከዚህ ማስታወሻ በኋላ» በሚለው ላይ ነው። እስከዚያ ቀን ፎቶው በስልኩ የገባ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም፤ ብዙው ሳይጠይቅ የደረሰው ነው። ከዚያ በኋላ ግን አላወቅሁም ማለት አይቻልም። ዛቻ ሳይጨመርበት መስመሩ ይታያል።

«የሌላን ሠራተኛ» የሚለውም በጥንቃቄ የገባ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ «ስለ ደመወዝ መነጋገር ፈጽሞ የተከለከለ ነው» ይል ነበር። ይህ አያስኬድም። ሰው የራሱን ደመወዝ ለትዳር ጓደኛው፣ ለሠራተኛ ማኅበሩ፣ ብድር ለሚጠይቅበት ባንክ ይናገራል፤ ማኅበሩም ስለ ደመወዝ ነው የሚደራደረው። ሊከበር የማይችል ክልከላ ሌሎቹን መስመሮች ያረክሳቸዋል፤ ድርጅቱ የሚደብቀው ነገር ያለ ያስመስላልም። ሊጠበቅ የሚገባው ሰው አምኖ ለድርጅቱ የሰጠው የግል መረጃ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ መረጃውን የያዘው ድርጅት ራሱ በሕግ ተጠያቂ ነው።

የድርጅቱ ኃላፊ «ምርመራ ተጀምሯል» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዲገባ ፈልገው ነበር። እንዲቀር ተከራከርሁ። ምርመራ መደረግ አለበት፣ ሊዘገይም አይገባም፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት ምክንያት መኖሩን ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀናት ካሳለፈ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱን ያጣል። ነገር ግን ምርመራው የራሱ ደብዳቤና የራሱ መዝገብ አለው። ለሁሉም በሚነበብ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ማስታወሻው የክስ ማመልከቻ ይሆናል።

የተጋለጠውን ቁጥርም አላነሣንም፤ «ልክ ነው» ወይም «ልክ አይደለም» ማለት ራሱ መረጃውን ለሁለተኛ ጊዜ ማውጣት ነው። ማስታወሻውን ዋና ሥራ አስኪያጁ ፈረሙበት፤ ፋይናንስ ወይም ሰው ሀብት ቢፈርም የአንዱ ክፍል ወቀሳ ይመስል ነበር። ሾፌሮችና ጥበቃዎች ኢሜይል ስለሌላቸው በማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጠፈ፤ የቅርብ ኃላፊዎቻቸውም አነበቡላቸው። ከመውጣቱ በፊት ግን ፎቶው ላይ ስማቸው በግልጽ የሚነበበውን ሰዎች አንድ በአንድ ጠርተን አነጋገርን።

ማስታወሻ የማይፈታው ነገርም አለ። አንድ ዓይነት ሥራ እየሠሩ ክፍያቸው እንደሚለያይ ያዩ ሰዎች ያዩትን አይረሱትም። ያንን በማስታወሻው ለማስረዳት መሞከር ጽሑፉን ወደ ሙግት ይለውጠዋል፤ የመጨረሻዋ መስመር በር የከፈተችውም ለዚሁ ነው። ለመጡት የራሳቸውን ደረጃና እርከን፣ አገልግሎታቸው እንዴት እንደተቆጠረም አሳየናቸው። የባልደረባቸውን ደመወዝ አላነሣንም። የአንዳንዶቹ ቅሬታ እውነት ሆኖ በመገኘቱ ለደመወዝ ማስተካከያ ኮሚቴው ቀረበ።