ጉባኤው የሚደርስበት ኪይ

በአዲስ አበባ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት፣ እሑድ ጠዋት ከአምልኮ በፊት በኪቦርድ ተጫዋቹና በአምልኮ መሪው መካከል የምትነሳ አጭር ጥያቄ አለች፦ «በምን ኪይ ነው?» መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ዘማሪው መዝሙሩን የቀረጸበት ኪይ ነው። ችግሩ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። ለቀረጻ ኪይ የሚመረጠው የአንድ ሰው ድምፅ ደምቆ የሚወጣበት ቦታ ታይቶ ነው፤ ጉባኤው ውስጥ ደግሞ እናቶች፣ ጎረምሶችና በሳምንት አንዴ ብቻ የሚዘምሩ አባቶች አብረው ቆመዋል።

ልምድ ያለው ተጫዋች ከኪዩ ስም በፊት ሁለት ኖታዎችን ይፈልጋል፤ የዜማውን ዝቅተኛና ከፍተኛ። ላልሠለጠኑ ሴቶች ከመሐል ሲ ትንሽ ወረድ ካለው ኤ ወይም ቢ ፍላት ተነስቶ ከአንድ ኦክታቭ በላይ እስካለው ዲ ድረስ ያለው ክልል ምቹ ነው። ወንዶቹ ያንኑ ዜማ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብለው ያዜማሉ። ኢ ፍላት አልፎ አልፎ ቢነካ አይጎዳም፤ ኢ ላይ መቆየት ግን ብዙዎችን ዝም ያሰኛል።

አንድ ቴነር ዘማሪ በጂ የቀረጸው፣ ከጂ እስከ ጂ አንድ ኦክታቭ የሚሸፍን መዝሙር እንውሰድ። ከመሐል ሲ በላይ ያለው ጂ ለእሱ የሚያበራበት ቦታ ነው። ከወንበሩ የሚዘምረው ወንድ ግን ዲ ወይም ኢ ላይ ሲደርስ ጉሮሮው ይያዛል። ሴቷ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብላ ልትዘምረው ብትሞክር ጩኸት ይሆንባታል፤ በዘማሪው ልክ ልትዘምረው ብትል ደግሞ የታችኛው ጂ አይወጣላትም። መዝሙሩን አምስት ግማሽ ቶን ወደ ዲ ማውረድ ሁለቱንም ይገላግላቸዋል፤ ወንዶቹም ሴቶቹም በየራሳቸው ኦክታቭ ከዲ እስከ ዲ ያዜማሉ። ዋጋውን የሚከፍለው ዘማሪው ነው፤ የእሱ ድምፅ ከታች ይደበዝዛል።

ኪቦርድ ላይ ይህ ቀላል ነው፤ ትራንስፖዙ አምስት ወደ ታች ይወርድና ጣቶቹ የለመዱትን የጂ አያያዝ ሳይለቁ ይቀጥላሉ። ቤዝ ጊታር ላይ ግን እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም። ቤዚስቱ የኪቦርዲስቱን ጣቶች አይቶ ጂ ሲመታ ከኪቦርዱ የሚወጣው ድምፅ ዲ ይሆንና መግቢያው ይበላሻል። ስለዚህ ከመጀመራቸው በፊት የሚነገረው ኪይ ጣት የያዘው ሳይሆን ጆሮ የሚሰማው መሆን አለበት።

ክልሉ ሰፊ ለሆነ ዜማ ፈረንጆች የገና ሌሊት የሚዘምሩት «ሽቲለ ናኽት» ጥሩ ምሳሌ ነው። ዜማው የፍራንዝ ግሩበር፣ ግጥሙ የዮሴፍ ሞር ሲሆን በ1818 ኦስትሪያ ውስጥ ኦበርንዶርፍ ላይ በጊታር ታጅቦ ተዘመረ። በሞር እጅ የተጻፈው ቅጂ በዲ ሜጀር ነው። ዛሬ የሚታወቀው ዜማ ከአንድ ኦክታቭ አልፎ አራተኛ ኖታ ድረስ ስለሚዘረጋ፣ በዲ ቢዘመር የሴቶቹ ጣሪያ ጂ ይደርሳል። በሲ ኤፍ ይሆናል፣ በቢ ፍላት ኢ ፍላት፣ በኤ ደግሞ ዲ። ብዙ የመዝሙር መጻሕፍት ቢ ፍላትን ይዘዋል። ያ ኢ ፍላት በአንድ ቁጥር ውስጥ የሚነካው አንዴ ብቻ ነው፤ የታችኛው ቢ ፍላትም የመጨረሻዋ ቃል ላይ ነው የሚመጣው። የቀረው ዜማ በአመዛኙ መሐል ላይ ስለሚመላለስ ጉባኤው ሰፊውን ክልል ሳይጨነቅ ይወጣዋል። በአንጻሩ ስድስት ኖታ ብቻ ያለው መዝሙር፣ አዝማቹ ከላይ ሲና ዲ ላይ ተንጠልጥሎ ከቆየ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ሰውን ያደክማል።

ኪዩ ከፍ ማለቱ የሚታወቀው በምልክት ነው። በየቁጥሩ ያው ስንኝ ላይ የሕዝቡ ድምፅ ይሳሳል፤ ወንዶች መስመሩ መሐል ላይ ድንገት አንድ ኦክታቭ ይወርዳሉ። ድምፅ ማጉያው ይህን ሁሉ ስለሚሸፍነው፣ አንድ አዝማች መሣሪያው ቀርቶ በጭብጨባ ብቻ ቢዘመር እውነቱ ይሰማል። ሰዓቱም ይቆጠራል፤ ጠዋት ድምፅ ገና ስላልተፍታታ ማታ በዲ የሄደ መዝሙር ለጠዋቱ በሲ ሊሻል ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው መጨረሻ ላይ የሚመጣው የኪይ ለውጥ ነው። ጣሪያው ዲ የሆነ አዝማች ሁለት ግማሽ ቶን ከፍ ሲል ኢ ይደርሳል፤ ያውም ሕዝቡ በደከመበት ሰዓት። ለውጡ የግድ ከተፈለገ ተጫዋቹ መዝሙሩን አስቀድሞ ሁለት ግማሽ ቶን አውርዶ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የመጨረሻው አዝማች ጣሪያ ዲ ላይ ያርፋል።