ሳይነከር የቀረው ስንደዶ

መተማ ዮሐንስ ውስጥ ለፋሲካ የተሰናዳ አንድ ሳሎን አይቻለሁ። ግድግዳው ደማቅ ውሃ ሰማያዊ፣ የመጅሊሱ ጨርቅ ቀይ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ላይ ፊኛና አብረቅራቂ ወረቀት ሲጨመርበት ዓይን ማረፊያ ያጣል። ያ ሳሎን ግን ደማቅም፣ ረጋ ያለም ነበር። ምክንያቱን ያገኘሁት ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ከደጋ የመጣ ሰፌድ ነው።

ሰፊዋ የተጠቀመችው ቀይና አረንጓዴ አለላ ነው፤ ሁለቱ ግን የትም ቦታ አይነካኩም። በመካከላቸው ቀለም ያልተነከረ ስንደዶ አንድ ወይም ሁለት ዙር ገብቷል። ቀይና አረንጓዴ ድምቀታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ጎን ለጎን ሲገጥሙ ድንበራቸው ዓይን ላይ ይርገበገባል። ፈዛዛው የገለባ ቀለም መሐል ሲገባ ሁለቱም በየራሳቸው ይታያሉ። ይህ የሚሆነው ግን እጅ ሲሠለጥን ነው። ወስፌው አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ራቅ አድርጎ የወጋ እንደሆነ ዙሩ ይንጋደድና ማረፊያው ራሱ ዝብርቅርቅ ይላል። እዚህ ሰፌድ ላይ ከእምብርቱ እስከ ጠርዙ አንድም ስፌት አልላላም።

እመቤቲቱ ሳሎኑን ያስጌጠችው በዚሁ ስሌት ነው። ቀዩ መጅሊስ ከግድግዳው ጋር በሚገጥምበት በመደገፊያው አናት ላይ ነጭ ነጠላ አጥፋ ዘርግታለች። የነጠላው ጥለት ጠባብ ነው፣ ቀለሙም የመጅሊሱ ቀይ ነው። ለበዓሉ አዲስ ቀለም አላመጣችም፤ ያለውን በትንሹ ደገመችው፣ ቀሪውን ቦታ ለነጩ ተወችው። ከገላባት ማዶ የሚመጣው አበባማ ጨርቅ ያምራል፤ ነገር ግን አምስት ስድስት ቀለም የተሸከመ ጨርቅ እዚህ ክፍል ውስጥ ቢገባ ነጩን ሁሉ ይበላው ነበር።

ብዙ ሰው ከሒሳብ የሚረሳው ቄጠማውን ነው። ወለሉ ላይ ሲጎዘጎዝ ከግድግዳው ቀጥሎ ሰፊው ቀለም እሱ ይሆናል። ስለዚህ ቄጠማ ለሚጎዘጉዝ ሰው አረንጓዴ መጋረጃና አረንጓዴ ፊኛ ትርፍ ናቸው። በዚያ ላይ የፋሲካ ሰሞን የቆላው ሙቀት ቄጠማን አያቆየውም፤ ጠዋት የለመለመው ከሰዓት በኋላ ወደ ገለባ መልክ ያደላል። ክፍሉ ውስጥ አስቀድሞ ነጭና የገለባ ቀለም ካለ ይህ ለውጥ ዓይን አይጎረብጥም። ከቄጠማው ጋር እንዲመሳሰል ተብሎ አረንጓዴ ምንጣፍ የተነጠፈበት ቤት ግን ማታ ላይ የደረቀ ሣር የተበተነበት ይመስላል።

የቀረው መብራት ነው። ገበያ ላይ በጠራራ ፀሐይ የተመረጠ ቀይ ጨርቅ ቤት ሲገባ ሌላ ይሆናል። ቢጫ አምፖል ቀዩን ያጎላና ሰማያዊውን ያደክመዋል፤ ነጩ አምፖል ሰማያዊውን ያነሣና ቀዩን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ጠቅልለው ከመግዛትዎ በፊት ከጨርቁ ቁራጭ ይለምኑና ማታ አምፖሉን አብርተው ከግድግዳው ጋር ያስተያዩት።