ሦስት ፓምፖች፣ አንድ ብሎክ

በላደር የተጻፈ የፓምፕ ማስነሻ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። መጀመሪያ የማቆሚያው ቁልፍ ኮንታክት፣ ቀጥሎ የማስነሻው፣ ከማስነሻው ሥር በትይዩ የፓምፑ የራሱ ኮንታክት፣ በቀኝ ጫፍ ኮይሉ። ጣት ከማስነሻው ቁልፍ ላይ ሲነሳ መስመሩን ይዞ የሚያቆየው ያ ትይዩ ኮንታክት ነው። ንድፉ ከሪሌይ ሰሌዳ ሥዕል የተወረሰ ነው። ኤሌክትሪሻኑ ላፕቶፑን ከፒኤልሲው ጋር አገናኝቶ ሲከፍተው የተዘጋው ኮንታክት ቀለም ይዞ ይታየዋል፤ ቀለሙ የተቋረጠበት ቦታ ፓምፑ ያልተነሳበት ምክንያት ነው። ለዚህ ጥያቄ ከላደር የሚሻል አጻጻፍ አላውቅም።

አሁን ውኃ ወደ ማጠራቀሚያ የሚገፉ ሦስት ተመሳሳይ ፓምፖች እንውሰድ። እያንዳንዱ የመነሻ ጥያቄ፣ ኮንታክተሩ መግባቱን የሚያሳይ የረዳት ኮንታክት ምልክት፣ የኦቨርሎድ ምልክትና ሪሴት አለው። በላደር የመጀመሪያው ተጽፎ ሁለት ጊዜ ይገለበጣል፤ ከዚያ ስሞቹ አንድ በአንድ ይቀየራሉ። በሦስተኛው ግልባጭ ላይ `P2_Fb` ሳይቀየር ቀረ እንበል። ሁለተኛው ፓምፕ እየሠራ እስካለ ድረስ የሦስተኛው ኮንታክተር ባይገባ እንኳ ብልሽት አይታይም። ሁለተኛው ሲቆም ግን ጤነኛው ሦስተኛ ፓምፕ ያለ ምክንያት ይወድቃል። መለያው ቀላል ነው፦ በፕሮግራሙ ውስጥ `P3_Fb` የት እንደተጠቀሰ ይፈለጋል፤ የትም ካልተገኘ ስህተቱ እዚያ ነው።

ፈንክሽን ብሎክ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ፓምፕ ጠባይ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፤ ውስጡን በስትራክቸርድ ቴክስት እንዲህ አድርጎ መጻፍ ይቻላል፦

```
CheckTimer(IN := Run AND NOT Feedback, PT := T#5s);
IF CheckTimer.Q OR NOT OverloadOK THEN
    Fault := TRUE;
ELSIF Reset THEN
    Fault := FALSE;
END_IF;
Run := Request AND NOT Fault;
```

በዝግታ እንየው። ታይመሩ የሚቆጥረው ትእዛዝ ተሰጥቶ ምልክቱ ሳይመለስ ሲቀር ብቻ ነው፤ አምስት ሰከንድ ሲሞላ ብልሽት ይመዘገባል። ኦቨርሎዱ በጤናው ጊዜ ተዘግቶ በሚቆይ ኮንታክት ስለተያያዘ ሽቦው ቢበጠስም ፓምፑ ይቆማል። ሪሴቱ `ELSIF` ሥር መቀመጡም በአጋጣሚ አይደለም፤ የኦቨርሎዱ ምልክት ሳይመለስ ብልሽቱን ማጥፋት አይቻልም። አንድ የሚጎድል ነገር አለ፦ ጥያቄው እንደበራ ሪሴት ከተጫነ ፓምፑ ወዲያው ይነሳል። ይህ ለቦታው የማይፈቀድ ከሆነ ከብልሽት በኋላ ጥያቄው አንዴ ጠፍቶ እንደገና እንዲበራ ማስገደድ ያስፈልጋል። ያ እርማት አንድ ቦታ ተጽፎ ለሦስቱም ይደርሳል፤ ስህተትም ቢሆን በዚያው መንገድ ለሦስቱም ይደርሳል።

ከዚያ `Pump1`፣ `Pump2` እና `Pump3` ተብለው ሦስት ቅጂዎች ይታወጃሉ። ጽሑፉ አንድ ቢሆንም እያንዳንዱ ቅጂ የራሱ ታይመርና የራሱ የብልሽት ትውስታ አለው። ለሁለት ፓምፖች አንዱን ቅጂ መጥራት ትውስታቸውን ያደባልቃል። ሌላው ጥንቃቄ ቅጂው በእያንዳንዱ የፒኤልሲ ዙር መጠራት እንዳለበት ነው። በ`IF` ውስጥ ከገባና ሁኔታው ሐሰት ከሆነ ብሎኩ አይሠራም፤ ታይመሩ ባለበት ይቆማል፣ `Run` ደግሞ የመጨረሻ ዋጋውን ይዞ ይቀራል። ፓምፑን ለማቆም የታሰበው `IF` ፓምፑን ሳያቆም የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ለማቆም መጥፋት ያለበት `Request` ነው።

ቀጥሎ የሚነሳውን ፓምፕ መምረጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሥራ ነው፦ ብልሽት ከሌለባቸው መካከል ትንሽ ሰዓት የሠራውን መፈለግ። በስትራክቸርድ ቴክስት አንድ አጭር `FOR` ዙር ይበቃዋል፤ በላደር ግን በማነጻጸሪያ ሳጥኖች የተሞሉ ብዙ መስመሮች ይጠይቃል። የመምጫው ጉድጓድ ውኃ ሲያንስ ፓምፖቹን የሚያግደውን መስመር ግን በላደር እተወዋለሁ፤ ኤሌክትሪሻኑ በሌሊት መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነውና። ሁለቱ በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ በ1993 የወጣው አይኢሲ 1131-3፣ ዛሬ 61131-3 የሚባለው ደረጃ፣ ሁለቱንም ይዟል።

ብሎክ የሚበላሸው ልዩ የሆነውን ሁሉ ሲሸከም ነው። አራተኛው ፓምፕ ፍጥነቱ በድራይቭ የሚቀያየር ቢሆንና ለእሱ ሲባል የፍጥነትና የድራይቭ ብልሽት ግብዓቶች በዚያው ብሎክ ላይ ቢጨመሩ፣ ሦስቱ ቀላል ፓምፖች የማይጠቀሙባቸውን ግብዓቶች ተሸክመው ይኖራሉ። የሚሻለው ለእሱ ሌላ ብሎክ ሠርቶ የመጀመሪያውን በውስጡ ማስቀመጥ ነው። የብልሽቱ አመክንዮ ከነበረበት አይነካም፤ አዲሱ ብሎክ የሚጨምረው ፍጥነቱንና የድራይቩን ምልክት ብቻ ነው።