ትኩሳት፣ የደም አሲዳማነትና ከፍታ፤ በአንድ የፊዚዮሎጂ ጥያቄ ላይ የቀረበ ሂስ

በፊዚዮሎጂ ፈተናዎች ደጋግሞ የሚታይ አንድ ጥያቄ አለ። «የኦክሲጅንና የሄሞግሎቢን መለያያ ጥምዝ መስመር ወደ ቀኝ የሚሸሸው መቼ ነው? ሀ/ በትኩሳት፣ ለ/ በደም አሲዳማነት፣ ሐ/ በከፍተኛ ቦታ፣ መ/ በሁሉም» ይላል። ለአራሚው የሚሰጠው መልስ «መ» ነው።

ጥምዙ ወደ ቀኝ ሸሸ ማለት ሄሞግሎቢን በዚያው የኦክሲጅን ግፊት ሥር ከቀድሞው ያነሰ ኦክሲጅን ይይዛል ማለት ነው። መለኪያውም የሄሞግሎቢን እኩሌታ በኦክሲጅን የሚሞላበት ግፊት ሲሆን፣ በጤናማ አዋቂ ሰው 27 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው። የሰውነት ሙቀት ከ37 ወደ 40 ዲግሪ ሲወጣ ወደ 32 ይጠጋል። በዚህ ጊዜ ግፊቱ 100 በሆነበት በሳንባ የደሙ ሙሌት ከመቶ 97 ወደ 96 ብቻ ዝቅ ሲል፣ ግፊቱ 40 በሆነበት በሕብረ ሕዋስ ግን ከ75 ወደ 65 ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ደሙ ለሕዋሳት የሚለቀው ኦክሲጅን ከመቶ 22 ወደ 31 ያድጋል። አሲዳማነትም ጥምዙን በዚሁ አቅጣጫ ይገፋዋል። እስከዚህ ድረስ «ሀ» እና «ለ» ነቀፋ የለባቸውም።

ጉድለቱ ያለው በ«ሐ» ላይ ነው። ወደ ከፍተኛ ቦታ የወጣ ሰው በኦክሲጅን እጥረት ምክንያት አተነፋፈሱ ይፈጥናል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዛት ስለሚወጣም ደሙ አልካላይን ይሆናል፤ ይህም ጥምዙን ወደ ግራ ይስበዋል። በተከታዮቹ ሰዓታትና ቀናት ደግሞ በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ 2,3-ዲፎስፎግሊሰሬት የተባለው ውሁድ እየጨመረ ወደ ቀኝ ይመልሰዋል። በመካከለኛ ከፍታ ሁለቱ ኃይሎች ሊቻቻሉ ይችላሉ። እጅግ ከፍ ባለ ቦታ ግን የግራው ያይላል። በ1981 እ.ኤ.አ. በኤቨረስት ጫፍ በተደረገው ልኬት በሳንባ ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ወደ 7.5 ሚሊ ሜትር ወርዶ ተገኝቷል፤ በዚሁ መሠረት ሲሰላም የደሙ ፒ ኤች ከ7.7 በላይ ነበር።

ወደ ቀኝ መሸሽ በከፍታ ሁልጊዜ ይጠቅማል ማለትም አይቻልም። የደም ሥር ግፊቱ 50 ሲሆን፣ ከ27 ወደ 32 የተደረገው ያው ሽሽት በሳንባ የሚገኘውን ሙሌት ከመቶ 84 ወደ 77 ያወርደዋል፤ በቆላ አንድ እጅ ብቻ የነበረው ኪሳራ እዚህ ሰባት ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ሁለቱንም ኃይሎች የሚያውቅ ተማሪ «መ»ን ለመምረጥ ሲያመነታ፣ ሦስቱን ስሞች በቃሉ የሸመደደው ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ጥያቄው የሚታረመው ከፍታውንና የቆይታውን ጊዜ በመግለጽ ነው፤ «ከባሕር ወለል 4000 ሜትር በላይ በደረሰ ሰው ላይ በመጀመሪያው ሰዓትና ከሦስት ቀን በኋላ ጥምዙን የሚስቡት ምንና ምን ናቸው? በየትኛው አቅጣጫስ?» ተብሎ ቢጠየቅ ተማሪው ምክንያቱን ለማስረዳት ይገደዳል። ምርጫ ብቻ የሚፈቀድ ከሆነ ደግሞ «ሐ» «የ2,3-ዲፎስፎግሊሰሬት መጨመር» በሚለው ይተካ፤ ያን ጊዜ «በሁሉም» የሚለው መልስ ትክክል ይሆናል።