ከሞት እስከ ምጽአት፦ ‹እስካቶሎጂ› በሰንበት ትምህርት ቤት ኮርስ

በሰንበት ትምህርት ቤት የኮርስ ዝርዝር ውስጥ ‹እስካቶሎጂ› ብዙውን ጊዜ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ነገረ ማርያምና ነገረ ቅዱሳን ሲጋፉት ቆይተው፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል በጥድፊያ ይነበባል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ ስለ መጨረሻው ነገር የሚሰጠውን ትምህርት ሁሉ ይይዛል፦ ሞትን፣ ምጽአትን፣ ትንሣኤን፣ ፍርድን፣ ከፍርድ በኋላ ያለውንም። ትምህርቱ ግን ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር አምስተኛው ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ነው፤ የአብነት ተማሪ ስሙን ሳይሰማ ነገሩን ይማረዋል።

እንደ ዘመሮ ባለ የሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በመንዝና በግሼ አጥቢያዎች ያደገ ወጣትም ኮርሱን ከመመዝገቡ በፊት የዚህን ትምህርት ግማሽ በዓይኑ አይቶታል። ጎረቤት ሲሞት ፍትሐት ሲደረስ ሰምቷል፤ በአርባው ቀን ተዝካር ሲወጣ ጠላ ቀድቷል፣ ዳቦ ተሸክሟል። ለምን አርባ ቀን ተቆጠረ? የሞተው ሰው ነፍስ አሁን የት ናት? ጸሎቱስ ምን ይጠቅማታል? ከጓሮው የወጡት እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው እስካቶሎጂ። የኮርስ ጽሑፎች ግን እዚህ ላይ ብዙ ሳይቆዩ ወደ ምጽአት ምልክቶች ያልፋሉ።

ወደ ምልክቶቹ መሮጡ ምክንያት አለው፤ ተማሪው የሚጓጓው ለእነርሱ ነው። ክፉ ዘመን በመጣ ቁጥር ‹ስምንተኛው ሺህ ደረሰ› የሚል አነጋገር በየቤቱ ይሰማል። መምህሩ እዚህ ላይ ክርክር ሳይገጥም ባሕረ ሐሳብ ቢያስቆጥር ይበቃዋል። ዓመተ ዓለምን ለማግኘት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል። በዚህ ስሌት 7000ው ዓመት የሞላው በ1500 ዓ.ም. ነበር፤ ስምንተኛው ሺህ ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ነው። በልብነ ድንግል ዘመነ መንግሥት ገብቷል፣ የሽምብራ ኩሬ ጦርነት በ1521 ዓ.ም. ሲደረግ ሁለት ዐሥርት ዓመታት አልፎታል፣ እኛም ተወልደን ያደግነው በእርሱ ውስጥ ነው። የሚመጣ መስሎን የምንፈራው ዘመን ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሲኖርብን ቆይቷል። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ያችን ቀንና ሰዓት ማንም እንደማያውቅ ከወንጌል ስለምታስተምር፣ ቁጥሩ ለዘመን አቆጣጠር እንጂ ለቀጠሮ አይሆንም። ከዚህ በላይ በምልክት ላይ መቆየቱ ጊዜ ማባከን ይመስለኛል።

ብዙ ማብራሪያ የሚፈልገው በሞትና በምጽአት መካከል ያለው ነው። በዚህ ትምህርት ነፍስ ከሥጋ ስትለይ ወዲያው የመጨረሻ ስፍራዋን አትይዝም። የጻድቃን ነፍሳት በገነት፣ የኃጥኣን ነፍሳት በሲኦል ይቆያሉ። ምጽአት ሲሆን ሥጋ ይነሣል፣ ነፍስ ትዋሐደዋለች፣ ፍርድ ይሰጣል፤ ከፍርድ በኋላ ጻድቃን መንግሥተ ሰማያትን ይወርሳሉ፣ ኃጥኣን ወደ ገሃነም ይጣላሉ። በዕለት ንግግራችን ገነትንና መንግሥተ ሰማያትን አንድ እናደርጋቸዋለን፤ ሲኦልና ገሃነምንም እንዲሁ። በኮርስ ላይ ግን አራቱ ከተደባለቁ ሌላው ሁሉ ይበላሻል። የሞተው መንግሥተ ሰማያትን አሁን ወርሶ ከሆነ ትንሣኤ ሙታን ምን ሊጨምርለት ነው? ወደ ገሃነም ገብቶ ከሆነስ ካህኑ ለማን ይጸልያል? ተማሪው እንደተደባለቀበት ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ዛሬ የት ነው ያለው? ‹መንግሥተ ሰማያት› ብሎ ከመለሰ ትምህርቱ ገና አልገባውም። ጌታ የሰጠው ተስፋ ገነት ነበር፤ ሥጋው ገና ትንሣኤን ይጠብቃል።

ይህን ትምህርት በመጽሐፍ ለማሳየት ከሰማንያ አንዱ መጻሕፍት መካከል ዕዝራ ሱቱኤልን የሚተካከል አላውቅም፤ ኮርሶቻችን ግን እምብዛም አይከፍቱትም። በመጽሐፉ ውስጥ ዕዝራ ከመልአኩ ጋር በጥያቄ ይፋጠጣል። ለትምህርታችን ከሚሆኑት ጥያቄዎቹ የመጀመሪያው ነፍስ ከሞት በኋላ ወዲያው ትቀጣለች ወይስ እስከ ፍርድ ታርፋለች የሚለው ነው። መልሱ ረጅም ነው፤ ሕጉን የናቁ ነፍሳት በሰባት መንገድ ሲጨነቁ፣ የጠበቁት በሰባት ማዕርግ ደስ ሲላቸው ያሳያል። ነፍሳት የተነገረውን የሚያዩበት ሰባት ቀን ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ማደሪያቸው ይሰበሰባሉ። ፍርዱ ገና ነው፣ ነፍስ ግን ፍርዷን አውቃዋለች።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። በፍርድ ቀን አባት ለልጁ፣ ወዳጅ ለወዳጁ ሊማልድ ይችላል? አይችልም ይለዋል፤ በዚያን ቀን እያንዳንዱ የራሱን ይሸከማል። ዕዝራ ግን ዝም አይልም። አብርሃም ለሰዶም ሰዎች፣ ሙሴ በምድረ በዳ ለበደሉት አባቶች፣ ሌሎችም ለሌሎች ጸልየው የለምን ብሎ ይሟገታል። የመልአኩ መልስ የዚህ ሁሉ ቁልፍ ነው፦ ያ የሆነው ይህ ዓለም ገና ስላላለቀ ነው፤ ስለዚህ ብርቱዎች ለደካሞች ለመኑ፤ የፍርድ ቀን ግን የዚህ ዓለም መጨረሻ ነውና በዚያ ልመና የለም። ስለዚህ የምልጃ ዘመን ወሰን አለው፤ ወሰኑም ምጽአት ነው።

ይህ ክፍል የራሱ ታሪክ አለው። አብዛኛው በምዕራቡ ዓለም በታወቁት የላቲን ቅጂዎች ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት አልተገኘም ነበር። ብዙዎቹ ቅጂዎች የተገለበጡት እ.ኤ.አ. በ822 ከተጻፈ አንድ መጽሐፍ ሲሆን፣ ከዚያ መጽሐፍ አንዲት ቅጠል ተቆርጣ ወጥታለች። ለሙታን መጸለይን ይቃወማል ብሎ የፈራ ሰው ቆርጧት ይሆናል ብለው የገመቱ ሊቃውንት አሉ። እንግሊዛዊው ሮበርት ቤንስሊ በፈረንሳይ አሚያን ከተማ ከተገኘ ሌላ የላቲን ቅጂ የጎደለውን አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1875 አሳተመው። በግዕዝ ግን ክፍሉ ጠፍቶ አያውቅም፤ ሪቻርድ ሎረንስ እ.ኤ.አ. በ1820 የግዕዙን ዕዝራ በኦክስፎርድ ሲያሳትም አብሮ ወጥቷል። ሌላው ፈርቶ ቆረጠው የተባለውን ምንባብ፣ ተዝካር በየቀኑ የሚወጣባት ቤተ ክርስቲያን ሳትፈራው ጠብቃዋለች። ለምን አልፈራችውም ከተባለ፣ መልሱ ከላይ ያየነው ወሰን ይመስለኛል። ‹በዚያን ቀን ልመና የለም› የሚለው ቃል ከዚያን ቀን በፊት ልመናን የሚከለክል አይደለም።

ሆኖም ከምንባቡ የሌለውን ማውጣት አይገባም። ዕዝራ በምሳሌነት ያነሣቸው ጸሎቶች በአብዛኛው በሕይወት ላሉ ሰዎች የተጸለዩ ናቸው፤ ሰዶም ስትለመንላት አልጠፋችም ነበር። ስለዚህ ክፍሉ የምልጃን ማብቂያ ያሳያል እንጂ ብቻውን ፍትሐትን አያስረዳም። ፍትሐት የሚቆመው በቤተ ክርስቲያን የጸሎት ሥርዓት፣ ያረፉትንም በቅዳሴ በማሰቧ ላይ ነው። ከካቶሊክ መጻሕፍት የተተረጎሙ የኮርስ ጽሑፎች እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ይሠራሉ። ካቶሊኮች ይሁዳ መቃቢስ በጦርነት ለወደቁት መሥዋዕት አስቀረበ የሚለውን የሁለተኛ መቃብያን ታሪክ ይጠቅሳሉ። ጥቅሱ እንዳለ ተገልብጦ ሲመጣ ተማሪው የእኛን ሁለተኛ መቃብያን ገልጦ ታሪኩን ያጣዋል። የእኛ ሦስት መጻሕፍተ መቃብያን በስም ይመሳሰሉ እንጂ ፈጽሞ ሌላ ድርሰት ናቸው፤ ስለ ትንሣኤ ሙታን በብርቱ ይከራከራሉ እንጂ ያን ጦርነት አይተርኩም። ከዚያው ምንጭ ደግሞ ነፍስ በእሳት የምትጠራበት ሦስተኛ ስፍራ ሾልኮ ይገባል። ቤተ ክርስቲያናችን ገነትንና ሲኦልን እንጂ ያን ስፍራ አታስተምርም።

በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የተሣለው የበላዔ ሰብእ ሚዛንም ከዚሁ ትምህርት ጋር ይነበባል። ብዙ ሰው በልቶ የሞተው ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው በሰጣት ጥርኝ ውኃ ሚዛኑ አጋደለለት ይላል ታምሩ። ሚዛኑ የቆመው ሰውየው እንደሞተ እንጂ በምጽአት ቀን አይደለም። ሥዕሉን በልጅነቱ እያየ ላደገ ተማሪ፣ ‹ይህ የትኛው ፍርድ ነው?› ብሎ መጠየቅ ከአንድ ምዕራፍ ማብራሪያ ይሻላል።

ወደ ተዝካሩ እንመለስ። የደጋው ገበሬ ከገብሱና ከበጉ ላይ ቀንሶ፣ ጌሾ ወቅጦ፣ ሲያጥረውም ተበድሮ ድግስ ያወጣል፤ የተዝካር ዕዳ ቤት ያራቆተበት ጊዜ አለ። ከላይ ባየነው ትምህርት ሚዛን ካስቀመጥነው የተዝካር ልቡ ቅዳሴው፣ ፍትሐቱና ለነዳያን የሚሰጠው ምጽዋት ነው፤ የጎረቤት ግብዣ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለካህኑ የሚያስፈልገው ነገር ደግሞ እጅግ ትንሽ ነው። ቤተ ዘመዱ ለፍትሐቱ ሲመጣ የሟቹን ስመ ክርስትና ይጠየቃል። በመንደሩ የሚታወቅበት ስም፣ የአባቱ ስም፣ ማዕረጉም እዚያ አይነሣም፤ የሚጠራው ወልደ እገሌ ወይም ወለተ እገሊት ተብሎ ነው። ስሙን የሚያስታውስ ከቤቱ ሲጠፋ የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ይፈለጋሉ።

ያ ስም የወጣው ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀኗ በጥምቀት ነው። ቀኖቹ ከመጽሐፈ ኩፋሌ ጋር ይገናኛሉ፤ በዚያ አዳም በተፈጠረ በአርባ ቀኑ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ወደ ገነት ገቡ ይላል። ሕፃን ሲጠመቅ የሚቆጠሩት አርባና ሰማንያ፣ ሰው ሲሞት ደግሞ ለተዝካሩ ይቆጠራሉ፤ በሁለቱም ጊዜ የሚጠራው ስም አንድ ነው፣ በሁለቱም ጊዜ የሚነሣው ስፍራ ገነት ነው። የኮርሱ አዘጋጆች ምሥጢረ ጥምቀትን በመጀመሪያው ወር፣ ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታንን በመጨረሻው ወር ያስቀምጣሉ። ሁለቱን በአንድ ሳምንት ቢያስተምሯቸው ተማሪው እስካቶሎጂን ከራሱ የክርስትና ስም ይጀምረው ነበር።